ጎግል ጥርን አያውቅም

ጥያቄ፦ «ጣና ዳር ላለ የአጎቴ እንግዳ ማረፊያ ጎግል ላይ ማስታወቂያ የማሠራው እኔ ነኝ። አጎቴ ወር በገባ በ1 ካርዱ ላይ 300 ዶላር ይሞላልኛል። እኔም በቀን 10 ብዬ አስገብቻለሁ። ግን በየወሩ 24 ወይ 25 ሲሆን ገንዘቡ ያልቅና ማስታወቂያው ይቆማል። ጥር ላይማ ጥምቀት እንዳለፈ የመጨረሻው ሳምንት ስልካችን ጭጭ አለ። 300 ለ30 ሲካፈል አሥር አይደለም እንዴ? የት ነው የሚሄደው? እህታችሁ ከባሕር ዳር።»

መልስ፦

ሰላም እህቴ። ማካፈሉ ልክ ነው፣ አሥር ነው። ያልተስማማው ወሩ ነው።

አጎትሽ የሚሰጡሽ በእኛ ወር ነው፣ ከ1 እስከ 30። ጎግል የሚቆጥረው በፈረንጅ ወር ነው። ጥር 1 ለእሱ ጃንዋሪ 9 ነው፣ ጥር 30 ደግሞ ፌብሩዋሪ 7። ስለዚህ የአጎትሽ አንድ ወር ጎግል ዘንድ ለሁለት ተቆርጧል። 23 ቀኑ ጃንዋሪ ውስጥ ነው፣ 7 ቀኑ ፌብሩዋሪ ውስጥ። ያቺ ሰባት ቀን ናት እንግዲህ ባዶ እጅሽን የምትቀሪባት።

ጥር ብቻ እንዳይመስልሽ። የፈረንጅ ወር የሚጠባው ሁልጊዜ በእኛ ከ20 እስከ 26 ባለው ውስጥ ነው። ኖቬምበር 1 ጥቅምት 22 ላይ ይውላል፣ ሜይ 1 ሚያዝያ 23 ላይ፣ ኦገስት 1 ሐምሌ 25 ላይ። በዘመን መለወጫ ምክንያት አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ ይላል እንጂ ከዚያ አይወጣም። በየወሩ እዚያው ቀን አካባቢ የምትጨርሺው ለዚህ ነው። እኔ ይህችን ነገር ለመረዳት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ለአንድ የጀልባ ባለቤት ማስታወቂያ እሠራ ነበርና «ገንዘቤን ማን በላው» ሲለኝ መልስ አጥቼ ወደብ አካባቢ መታየት ትቼ ነበር።

አሁን ያስገባሻት 10 ምን ማለት እንደሆነች እንይ። ስክሪኑ ላይ ስሟ «Average daily budget» ነው። አማካይ ማለት ነው፣ ጣሪያ አይደለም። ፈላጊ በበዛበት ቀን ጎግል እስከ እጥፍ ድረስ ያወጣል፣ ያንቺ 10 በአንድ ቀን 20 ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። ፈላጊ በሌለበት ቀን ደግሞ 3 ወይ 4 ብቻ አውጥቶ ይተኛል። ቃል የሚገባልሽ ስለ ወሩ ነው፤ በፈረንጁ ወር ውስጥ ከአሥሩ 30.4 እጥፍ በላይ አያስከፍልሽም። 30.4 የምትለዋ 365 ቀን ለ12 ወር ሲካፈል የምትመጣው ናት። ያንቺ የወር ጣሪያ እንግዲህ 304 ዶላር ነው። ቀዝቃዛ ቀን የተረፈውን ሞቃት ቀን ይበላዋል፣ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ይገጥማል። በእሱ ወር መጨረሻ ግን ነው።

ያለፈውን ጥር በዚህ ዓይን እንይው። የካርድሽን ሒሳብ አላየሁም፣ ቁጥሮቹን እኔ ነኝ የማስቀምጣቸው፣ አካሄዱ ግን ያንቺው መሆኑ አይቀርም።

ከጃንዋሪ 1 እስከ 8፣ ማለትም ታኅሣሥ ሲያልቅ፣ ፈረንጁ ከበዓሉ እየተመለሰ ነው፣ የእኛም ሰው ለገና ቤተሰቡ ዘንድ ነው። ማረፊያ የሚፈልግ ትንሽ ነው። ጎግል በቀን 4 ዶላር ገደማ አወጣ እንበል። በስምንት ቀን 32። ከጃንዋሪ ጣሪያ 272 ተረፈው። ይሄ የተረፈ ገንዘብ በአጎትሽ አቆጣጠር የታኅሣሥ ነው። ለጎግል ግን ገና ያልተነካ የጃንዋሪ ሥልጣን ነው።

ከዚያ ጥር 1 ገባ፣ አዲሱ 300 ካርዱ ላይ ገባ። ለጥምቀት ክፍል የሚፈልገው ሁሉ በዚያው ሳምንት መፈለግ ጀመረ። ጎግል «ስምንት ቀን ቆጥቤያለሁ» ብሎ በቀን 19 ማውጣት ጀመረ። እስከ ከተራ ድረስ በአሥር ቀን 190 ዶላር። ከዚያ በኋላ ላሉት 13 ቀናት እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ የቀረውን 82 አወጣ። ጃንዋሪ በትክክል በ304 ተዘጋ። ጎግል አንድም ሳንቲም አላጭበረበረሽም። ካርድሽ ላይ ግን ጥር 23 ማታ 28 ዶላር ብቻ ነው የቀረው።

በማግስቱ ፌብሩዋሪ 1 ነው። ቆጣሪው ዜሮ ላይ ተመለሰ። ጎግል ከፊቱ ሌላ 304 ዶላር ያየዋል፣ ካርዱ ላይ 28 እንደቀረ አያውቅም። በቀን 15 አወጣ። ጥር 25 ላይ አለቀ። ጭጭ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ካርዱ ላይ ያለው ቀሪ ገንዘብ ያንቺ ቀሪ በጀት አይደለም። በአውቶማቲክ ክፍያ ጎግል መጀመሪያ ያሳያል፣ ጠቅታው ይጠራቀማል፣ ከዚያ የተወሰነ መጠን ሲደርስ ወይም የክፍያ ቀኑ ሲደርስ ነው ካርዱን የሚቆርጠው። ስለዚህ ካርዱ ላይ 80 አለ ብለሽ ተማምነሽ ስትተኚ 40ው ቀድሞ ተበልቶ ይሆናል። ካርዱ ባዶ ሲሆን ደግሞ ማስታወቂያው ከመቆሙ በፊት የሠራበት ዕዳ ይቀራል። ያ ዕዳ የሚቀጥለው ወር 300 እንደገባ መጀመሪያ ይቆረጣል። ወሩን በ280 ጀምረሽ በ300 የጀመርሽ ይመስልሻል። ስለዚህ ባንክ መልእክት ላይ አትቁጠሪ። የምትቆጥሪው «Cost» የሚለው ዓምድ ላይ ነው፣ ቀኑን ከጃንዋሪ 9 እስከ ትናንት ብለሽ ራስሽ መርጠሽ። «This month» የሚለውን ከነካሽ ተመልሰሽ የፈረንጅ ወር ውስጥ ነሽ።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። ዋናው ቁልፍ ብዙም የማይወራላት አንዲት ሕግ ናት። በወሩ መሀል የቀኑን በጀት ከቀየርሽ ጎግል ያለፈውን ትርፍ ይረሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፈረንጁ ወር መጨረሻ ሊያስከፍልሽ የሚችለው አዲሱ የቀን በጀት በቀሩት ቀናት ተባዝቶ የሚመጣውን ብቻ ነው። ጥር 1 ጠዋት 10ን 9.50 ብታደርጊው ለቀሩት 23 ቀናት ጣሪያሽ 218.50 ሆነ ማለት ነው። ያ የታኅሣሥ 48 ዶላር ትርፍ ተሰረዘ። ከ300ው 81.50 ለመጨረሻው ሳምንት ሳትነኪው ተቀመጠ። ሃምሳ ሳንቲም ቀንሰሽ ይሄን ሁሉ አገኘሽ።

ግን በዚህ ብቻ አትቁሚ። 218.50ው ለ23 ቀን ቢሆንም ጥምቀት አሁንም ሊቀራመተው ይችላል። በቀን 18 ለአሥር ቀን ከሄደ ለቀሪው 13 ቀን 38.50 ብቻ ይቀራል፣ በቀን 3 ዶላር። የመጨረሻውን ሳምንት አድነሽ መሀሉን ገደልሽ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ወሩን ለሦስት እቆርጠዋለሁ፣ ገንዘቡንም ከመጨረሻው ጀምሬ ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት፣ ከጥር 24 እስከ 30። ለእነሱ 80 ዶላር። ከአማካዩ ትንሽ ከፍ አድርጌያለሁ፣ ምክንያቱም ደሞዝ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ከአዲስ አበባ ቅዳሜና እሁድን ጣና ዳር ላሳልፍ የሚለው ሰው ስልኩን የሚያነሣው ኪሱ ሲሞላ ነው። ያንቺ እንግዳ የበዛው ፈረንጅ ከሆነ 70 ይበቃል። ቀጥሎ የጥምቀቱ ጊዜ፣ ከጥር 1 እስከ 11። 130 ዶላር። የቀረው 90 ለመሀሉ፣ ከጥር 12 እስከ 23።

አሁን ቁጥሩን ማስገባት ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው። 130 ለ11 ሲካፈል 11.80 ይመጣል። ያንን እንዳታስገቢው! ሞቃት ጊዜ ነው፣ እጥፉን 23.60 ሊያወጣ ይችላል፣ የወሩ ጣሪያ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ እንጂ ጥር 11 ላይ አያቆመውም። ለአጭርና ለሞቃት ጊዜ ልታወጪ የፈለግሽውን ግማሽ አስገቢ። 6 ዶላር ጻፊ። እጥፉ 12 ነው፣ በ11 ቀን 132። ቢብስ ቢብስ ሁለት ዶላር ነው የሚያልፍሽ።

ጥር 12 ጠዋት፣ ታቦቱ ገብቶ ከተማው ጋብ ሲል፣ ወደ 7.50 ቀይሪው። እስከ ጃንዋሪ 31 ድረስ 12 ቀን አለ፣ 7.50 ሲባዛ 12 እኩል ነው 90። እዚህ ግማሽ ማስገባት አያስፈልግም። ያንቺ ቁራጭና የጎግል ወር አንድ ቀን ላይ ስለሚያልቁ የእሱ ጣሪያ ላንቺ ይሠራል። አንድ ቀን 15 ቢያወጣም ሌላ ቀን ይመልሰዋል።

ጥር 24 ላይ እንደገና ተጠንቀቂ። ቆጣሪው አዲስ ነው፣ ከፊቱ ሙሉ ፌብሩዋሪ አለ፣ ያንቺን 80 የሚጠብቅልሽ የለም። ተመልሰሽ ግማሹን አስገቢ፣ 5.70። በየቀኑ እጥፉን ቢያወጣ በሰባት ቀን 79.80 ነው። አበቃ። የካቲት 1 ጠዋት አዲሱ ገንዘብ ሲገባ ደግሞ ለየካቲት ቁራጭሽ ትቀይሪዋለሽ።

«እጥፉን ካላወጣስ?» ትይኛለሽ። አዎ፣ ብዙ ቀን አያወጣም። ለዚህ ነው ሰኞና ሐሙስ ጠዋት አምስት ደቂቃ የምፈልግብሽ። ሺት ላይ ከB1 እስከ B4 አራት ሳጥን ሥሪ። አንደኛው የዚያ ቁራጭ ገንዘብ፣ ሁለተኛው ከቁራጩ መጀመሪያ እስከ ትናንት የወጣው፣ ሦስተኛው ቁራጩ የሚያልቅበት ቀን በፈረንጅ። አራተኛው ላይ ይህችን አስገቢ፦

```
=(B1-B2)/(B3-TODAY()+1)
```

የምትሰጥሽ ከዛሬ ጀምሮ በቀን በአማካይ ልታወጪ የምትችይውን ነው። ለምሳሌ ጥር 5 ጠዋት ላይ 28 ዶላር ብቻ ወጥቶ አገኘሽው። ከ130 ሲቀነስ 102፣ እስከ ጥር 11 ደግሞ ዛሬን ጨምሮ 7 ቀን አለ፣ 14.50 ገደማ ይላል። ስለዚህ 6ን ወደ 7.25 ከፍ አድርጊ፣ አሁንም ግማሹን። በተቃራኒው 52 ወጥቶ ካገኘሽው 11 ገደማ ይላል፣ ወደ 5.50 ዝቅ። ዝቅ ጀምሮ ከፍ ማለት ቀላል ነው፤ የወጣን ገንዘብ ግን ከጎግል ጉሮሮ የሚያወጣ የለም።

ለውጡን ጠዋት አድርጊው፣ ቀኑ ገና ሳይበላ። የአካውንትሽን የሰዓት ቀጠናም እይ። አንዳንዱ አካውንት ሲከፈት ሳይታወቅ በካሊፎርኒያ ሰዓት ይከፈታል። እንደዚያ ከሆነ ጥር ላይ ያንቺ «ቀን» የሚጀምረው በእኛ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የምታይው «ዛሬ» የትናንት ነው። ያን ጊዜ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉሽ አይገባሽም።

ሌላው ነገር፣ ገንዘቡ እየቀደመ መሆኑን ስታይ መጀመሪያ የምትነኪው በጀቱን አይሁን። መጀመሪያ ሰዎች ምን ጽፈው እንደመጡ እዪ፣ «Search terms» የሚለው ገጽ ላይ አለ። አንድ ጊዜ የአንድ ማረፊያ አካውንት ስከፍት የሳምንቱ ሩብ ገንዘብ የባሕር ዳርን የአየር ሁኔታ በሚፈልጉና የዩኒቨርሲቲ ውጤት ለማየት በሚጽፉ ሰዎች ላይ አልቆ አገኘሁት። «Bahir Dar» የሚል ቃል ስላለ ብቻ። እነሱ ክፍል አይዙም። «weather»ን፣ «university»ን፣ «map»ን፣ «jobs»ን «Negative keywords» ውስጥ አስገቢያቸው። ይሄን ሳታደርጊ በጀቱን ብትቀንሺ የሚቀነሰው የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ብቻ አይደለም፣ ክፍል ሊይዝ የመጣውም ነው።

«Limited by budget» የሚል ጽሑፍ ብታይ ደግሞ አትደንግጪ። ጎግል «ብትጨምሪ ተጨማሪ ሰው አለ» እያለሽ ነው። ሁልጊዜም እንዲህ ይላል፣ ነጋዴ ነው። አጠገቡ የሚሰጥሽን የተመከረ ቁጥር ተጭነሽ ከተቀበልሽ በጀቱ ተቀየረ፣ ጣሪያውም በአዲሱ ቁጥር ተሰላ። ያንን ቁልፍ አጎትሽም ሆነ ሌላ ሰው እንዳይነካው በይ። በየሰዓቱ እየከፈቱ መቀነስና መጨመርም አያስፈልግም፣ በሳምንት ሁለቴ በቂ ነው። ማስታወቂያው ራሱ ሥራውን የሚማርበት ጊዜ ይፈልጋል።

ፌስቡክ ላይም ብትሠሪ እዚያ ይቀላል። የቀን በጀት ካስገባሽ በአንድ ቀን እስከ 75 በመቶ ጨምሮ ሊያወጣ ይችላል፣ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ባለው ሳምንት ግን ከሰባት እጥፍ አያልፍም። ከዚያ ይልቅ «Lifetime budget» የሚለውን ምረጪ፣ መነሻና መድረሻ ቀን ስጪው፣ ገንዘቡን ጻፊ። ለሦስቱ ቁራጭ ሦስት ለየብቻ ክፈቺ። ወሩ የማን እንደሆነ አይገደውም፣ የሰጠሽውን ቀን ነው የሚያከብረው።

የብሩን ጉዳይ ሳልነካ ባልፍ ይሻላል ነበር፣ ግን አጎትሽ በብር አስልተው የሚሞሉልሽ ከሆነ ማወቅ አለብሽ። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ስለሆነ ያው ብር በየወሩ ያው ዶላር አይሆንም። ቁራጮቹን የምታሰዪው ካርዱ ላይ በገባው ዶላር ነው፣ አጎትሽ በሰጡት ብር አይደለም። 300 ይሆናል ተብሎ 288 ከገባ፣ ያለፈውም ዕዳ 6 ከቆረጠ፣ የምትቆርጪው 282 ነው። የመጨረሻውን 80 አትንኪው፣ ከጥምቀቱና ከመሀሉ ቀንሺ።

ጳጉሜንም አትርሺ። አጎትሽ በዓመት 12 ጊዜ ከሰጡሽ ለእነዚያ አምስት ወይ ስድስት ቀናት የተሰጠ ገንዘብ የለም። ነሐሴን ስትቆርጪ የመጨረሻውን ቁራጭ እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ ዘርጊው፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነበት ዓመት እስከ 11። ወይ ደግሞ አጎትሽን ለጳጉሜን የሚሆን 50 ዶላር ጠይቂያቸው። ዝናቡ አባርቶ ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚወርድበት ጊዜ እየመጣ ነው፣ ያኔ የሚፈልግ ሰው አለ።

የካቲት 1 ጠዋት ቁጥሮቹን እንደገና ጻፊልኝ፣ ከጥር 24 እስከ 30 የወጣውን ብቻ። ከ80 በጣም ከራቀ የት ጋ እንዳለ አብረን እናየዋለን።